«ክረምት ይጠቀጥቀዋል»

ልደታ ዙሪያ ግንባታ በሚካሄድበት ግቢ ሁሉ የምሰማት አንዲት አባባል ሰልችታኛለች። መሠረቱ ተገንብቶ፣ ግሬድ ቢሙ ተሞልቶ፣ ጣውላው ተነቅሎ፣ በቢሞቹ መካከል የቀረው ክፍት ቦታ አፈር የሚሞላበት ሰዓት ይደርሳል። ገልባጩ መጥቶ ያራግፋል፤ ሁለት ሦስት የቀን ሠራተኞች በአካፋ ይበትናሉ፤ ጎማ ተዘርግቶ ውሃ ይለቀቅበታል፤ በነጋታው ሃርድኮር ይደረደራል። መጠቅጠቂያው የታለ ተብሎ ሲጠየቅ ፎርማኑ ፈገግ ብሎ «ጋሼ፣ አይጨነቁ፣ ክረምት ይጠቀጥቀዋል» ይላል።

አዎ፣ ክረምት ይጠቀጥቀዋል። ግን የሚጠቀጥቀው ሶሌታው ከተሞላ፣ ሴራሚኩ ከተነጠፈ፣ ተከራይ ከገባ በኋላ ነው። ያን ጊዜ አፈሩ ወደ ታች ይወርዳል፣ ወለሉ ግን ጠርዙ በግሬድ ቢሙ ላይ ተይዞ መሃሉ ባዶ ላይ ይንጠለጠላል። እኔና ብጤዎቼ ተጠርተን የምንመጣው እንግዲህ ያን ጊዜ ነው፤ ከግድግዳው ሥር አንድ ክንድ ያህል ራቅ ብሎ ከግድግዳው ጋር ትይዩ የሚሄድ ስንጥቅ ለማየት። ስንቱን እንዲህ ያለ ስንጥቅ ጎንበስ ብዬ እንዳየሁት እንጃ። ሁሉም ይመሳሰላሉ፤ የሁሉም መነሻ አንድ ነው።

ስለ ምሰሶና ስለ ፌሮ ሁሉም ሰው ያወራል። የቤት ባለቤት ሳይቀር «ስንት ቁጥር ፌሮ ነው?» ብሎ ይጠይቃል፣ ሲሚንቶውን ከረጢት በከረጢት ይቆጥራል። ከምድር ቤቱ ወለል ሥር ስለሚገባው አፈር ግን የሚጠይቅ የለም። አፈር አፈር ነው ይባላል። የምድር ቤቱ ወለል ደግሞ እንደ ላይኛው ፎቅ ሶሌታ አይደለም። የላይኛው ሶሌታ በቢም ላይ ተንጠልጥሎ ክብደት እንዲሸከም ተሰልቶ ፌሮ ይገባለታል። የምድሩ አብዛኛውን ጊዜ 10 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ብቻ ያለው፣ ቀጭን ፌሮ ተበትኖበት ወይም ምንም ሳይገባበት የሚሞላ ኮንክሪት ነው። ክብደቱን የሚሸከመው ከሥሩ ያለው መሬት ነው ተብሎ ነው የተሠራው። ከሥሩ ያለው መሬት ሲሸሽ የሚይዘው ነገር የለውም።

ልደታ ላይ ይህ ነገር የሚበረታበት የራሱ ምክንያት አለው። ከጌጃ ሰፈር እስከ አብነት፣ ከጆስ ሃንሰን እስከ ባልቻ ሆስፒታል ጀርባ ድረስ ያለው ሰፈር ለረጅም ዘመን ጥቅጥቅ ብሎ የተሠራ የጭቃ ቤት ሰፈር ነበር። ያ ቤት እየፈረሰ ነው አዲሱ የሚቆመው። አንድ የጭቃ ቤት ሲፈርስ የሚተርፈው ጭድ የተቦካበት ጭቃ፣ የበሰበሰ እንጨት፣ የቆርቆሮ ቁራጭና አመድ ነው። ይህን ፍርስራሽ ጭኖ አውጥቶ ለመድፋት ገንዘብ ይወጣል። እዚያው ቢሞቹ መካከል ከተደፋ ግን ሁለት ወጪ ይድናል፤ የማስወጫውም፣ ገረጋንቲ የማስመጫውም። ስለዚህ ይደፋል። ጭዱ ይበሰብሳል፣ እንጨቱን ምስጥ ይበላዋል፣ በቦታው ባዶ ቀዳዳ ይቀራል። የትኛውም መጠቅጠቂያ ጭድን አይጠቀጥቅም፤ ለጊዜው ይጨፈልቀዋል እንጂ።

ከዚህ የባሰው የሽንት ቤት ጉድጓዱ ነው። በየግቢው ዕድሜ ልኩን ሲቆፈርና ሲደፈን የኖረ ጉድጓድ አለ፤ አንዳንዱን የዛሬ ባለቤቱም አያውቀውም። ከላይ ሲታይ መሬት ይመስላል። ቁፋሮው ላይ ግን ይታወቃል፤ አፈሩ ይጠቁራል፣ ይለሰልሳል፣ ይሸታል፤ 12 ቁጥር ፌሮ በእጅ ሲገፉት እስከ ክንድ ይሰምጣል። እንዲህ ያለ ቦታ ሲገኝ ጠንካራ መሬት እስኪመጣ ድረስ ማውጣት፣ ከዚያ በድንጋይና በገረጋንቲ ንጣፍ በንጣፍ እየጠቀጠቁ መመለስ ነው ያለው። እኔ የማየው ግን ከላይ ትልልቅ ድንጋይ ተጥሎበት፣ አፈር ተመልሶበት፣ «ደፈንነው» ሲባል ነው። ያ ቦታ በኋላ ወጥ ቤት ይሆንና ማጠቢያው ሥር ያለው ሊሾ ከሌላው ወለል ብቻውን ዝቅ ይላል።

አሁን ነገሩን በቁጥር ልንገራችሁ፤ ቁጥሩ ሳይነገር ሰው «አንድ ሁለት ሴንቲ ምን ያደርጋል?» እያለ ያልፈዋል። 8 በ10 ሜትር የሆነ ምድር ቤት እናስብ፤ 80 ካሬ። ልደታ ሜዳ አይደለችም፣ ቁልቁለት ናት፤ ስለዚህ በፊት ለፊት በኩል የሚሞላው 40 ሴንቲ ሜትር ሲሆን በጀርባ በኩል 1 ሜትር ከ40 ይሆናል። አማካዩ 90 ሴንቲ ነው፤ በ80 ካሬ ሲባዛ 72 ሜትር ኩብ ሙሌት ማለት ነው። ይህ ግን ተጠቅጥቆ ሲያልቅ የሚይዘው መጠን ነው። በመኪና የሚመጣ ልቅ አፈር ሲጠቀጠቅ ስለሚያንስ ከዚያ ሩብ ያህል ጨምሮ መምጣት አለበት፤ ወደ 90 ሜትር ኩብ። 16 ሜትር ኩብ በሚጭን ገልባጭ ስድስት ቢያጆ ይደርሳል። ጤፍ የሚሰፍር ነጋዴ ቁናውን ነቅንቆ ሲሰፍር ስንት እንደሚጨምርበት ያውቃል፤ አፈርም እንደዚያው ነው።

ሳይጠቀጠቅ የሚሠራው ሰው አራት ቢያጆ ከግማሽ ያመጣና ቦታው ሞልቶ ያየዋል። ለሙሌቱ ከተባለው ልክ ጋር ተስተካክሏል፤ ባለቤቱም ቆሞ አይቷል፤ ሞልቷል። የቀረው ግን አንድ ቢያጆ ከግማሽ ገረጋንቲና የጥቂት ቀን የኮምፓክተር ኪራይ ነው። ሰፈሩን በሙሉ የምታንገላታው ይህች ናት። ያ ልቅ አፈር በሠራተኛ እግርና በሃርድኮሩ ክብደት ትንሽ ይጨመቃል፤ የቀረውን ክረምት ይጨርሰዋል። ከቁመቱ ሃያኛ እጁን ብቻ ቢወርድ እንኳ በፊት ለፊት በኩል 2 ሴንቲ፣ በጀርባ በኩል 7 ሴንቲ ሜትር ነው። ይህ ልዩነት ነው ወለሉን የሚሰብረው። ሁሉም እኩል ቢወርድ እንኳ ያን ያህል ባልከፋ፤ አንዱ ወገን ሲቀር ሌላው ሲወርድ ግን ኮንክሪቱ መሃል ላይ ይቆረጣል።

ሥራው እንዴት ነው የሚሠራው ብትሉ ምንም ምሥጢር የለውም። በአገራችን የሥራ ዝርዝር ላይ ከተጻፈ ቆይቷል፤ ሙሌቱ ከ20 ሴንቲ ሜትር ባልበለጠ ንጣፍ እየተጠቀጠቀ ይሞላ ይላል። በዚያ 8 በ10 ቤት ላይ በጀርባ በኩል ሰባት ንጣፍ፣ በፊት በኩል ሁለት ማለት ነው። የሚጀመረው ከጥልቁ ወገን ነው፤ ንጣፉም ቁልቁለቱን ተከትሎ ሳይሆን አግድም በውሃ ልክ ተስተካክሎ ይሄዳል። ተዳፋቱ መሬት ራሱ እንደ ደረጃ ተቆርጦ አፈሩ እንዲነክስ ይደረጋል፤ አለዚያ አዲሱ ሙሌት በአሮጌው መሬት ላይ ተንሸራቶ ይወርዳል። ከመጀመሪያው ንጣፍ በፊት ደግሞ የላዩ የለም አፈር፣ ሥሩና ሣሩ ተጠርጎ መውጣት አለበት። ጥቁር አፈር ከሆነ የወጣው አይመለስም፤ ክረምት ሲጠጣ ያብጣል፣ በጋ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ወለሉንም አብሮ ያነሣዋል ይጥለዋል።

20 ሴንቲ የተባለው በዘፈቀደ አይደለም። የእጅ ኮምፓክተር ኃይል ወደ ታች ብዙ አይሄድም፤ ከላይ ይመታል፣ ከ20 ሴንቲ በታች ያለው አፈር መመታቱን እንኳ አያውቅም። አንድ ሜትር ሞልተው ከላይ ኮምፓክተር የሚያስሮጡ ሰዎች አሉ፤ ላዩ እንደ አስፋልት ይጠጥራል፣ ሥሩ እንደተደፋ ይቀራል። ይህ ደግሞ ጨርሶ ካለመጠቅጠቅ ይልቅ አታላይ ነው፤ ባለቤቱ ተረከዙን ተክሎ ሲሞክረው ጠንካራ ይሆንበታል። ማሽኑም ይለያያል። ጠጠርና አሸዋ የበዛበትን ገረጋንቲ የሚንቀጠቀጠው ሰሌዳ ኮምፓክተር ይጠቀጥቀዋል፤ ጭቃማውን አፈር ግን እየዘለለ የሚመታው ጃምፒንግ ነው የሚገባው። በቢሙና በግንቡ ጥግ፣ በምሰሶው ዙሪያ፣ ማሽን በማይደርስበት ቦታ ደግሞ በእጅ መጠቅጠቂያ በቀጭን በቀጭን ንጣፍ መምታት ነው። ብዙውን ጊዜ ስንጥቁ የሚጀምረው እዚያ ጥግ ላይ ነው፤ ምክንያቱም እዚያ ጥግ ማንም አልደረሰበትም።

ስለ ውሃው ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። ውሃ ማፍሰስ መጠቅጠቅ ነው የሚል እምነት ሥር ሰድዷል። ቦቴ አስመጥተው ሙሌቱን ኩሬ ያደርጉትና ሲመጠጥ «ጠጥቷል፣ ቁጭ ብሏል» ይላሉ። ንጹሕ አሸዋ ከሆነና ውሃው የሚወጣበት ካለው ጥቂት ይሠራ ይሆናል። ጭቃማ አፈር ላይ ግን ውሃው በአፈሩ ቅንጣቶች መካከል ገብቶ ይቀመጣል፤ ቦታውን ይይዛል እንጂ አየሩን አባሮ ቅንጣቶቹን አያቀራርብም። ከዚያ በኋላ ማሽን ቢመጣ እንኳ አፈሩ እንደ ሊጥ ይወዛወዛል እንጂ አይጨመቅም። በሌላ በኩል ደረቅ ሆኖ ሲመታም አይሆንም፤ ዱቄት ሆኖ ይበተናል። ራልፍ ፕሮክተር የሚባል የሎስ አንጀለስ የውሃ ግድብ መሐንዲስ በ1933 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ያሳየው ይህንኑ ነው፤ እያንዳንዱ አፈር በተመሳሳይ ምት ከሁሉ የበለጠ የሚጠቀጠቅበት አንድ የእርጥበት መጠን አለው፣ ከዚያ ሲያንስም ሲበዛም ጥቅጥቀቱ ይቀንሳል። ዛሬም በየላቦራቶሪያችን የሚሠራው ምርመራ በእሱ ስም ይጠራል።

ላቦራቶሪ በሌለበት ግቢ እርጥበቱን በእጅ ማወቅ ይቻላል። አፈሩን ጭብጥ አድርጎ መጭመቅ ነው። እጅ ሲከፈት ከተበተነ ደርቋል። መዳፍ ላይ ውሃ ከተወ ወይም ጣት መሃል ከወጣ በዝቷል። ተጨምቆ ቅርጹን ከያዘና ከወገብ ከፍታ ሲለቀቅ ለሁለት ለሦስት ከተከፈለ፣ ማሽኑን ማስነሣት ነው። ይህን ለማድረግ ዲግሪ አያስፈልግም፤ ጎንበስ ማለት ብቻ ነው። ፎርማን ሆኖ ለዚህ የማይጎነበስ ሰው ያሳዝነኛል።

ትክክለኛው ማረጋገጫ ግን በሳንድ ኮን የሚሠራው ነው፤ መንገድ ሥራ ላይ ሳይሠራ ቀጣዩ ንጣፍ አይፈስም፣ ቤት ሥራ ላይ ግን እንደ ቅንጦት ይታያል። ከተጠቀጠቀው ንጣፍ ላይ ትንሽ ጉድጓድ ይቆፈራል፤ የወጣው አፈር ይመዘናል፤ ጉድጓዱ እፍጋቱ በሚታወቅ አሸዋ ተሞልቶ ይዘቱ ይለካል። ለምሳሌ ጉድጓዱ 1,500 ሴንቲ ሜትር ኩብ ያዘ፣ የወጣው አፈር 2,700 ግራም መዘነ እንበል። በአንድ ሴንቲ ሜትር ኩብ 1.80 ግራም ማለት ነው። አፈሩ ሲደርቅ እርጥበቱ 20 በመቶ ከሆነ ደረቁ 1.50 ይሆናል። ላቦራቶሪው ይህ አፈር ቢበዛ 1.65 ይደርሳል ብሎ ከሆነ፣ 1.50 ለ1.65 ሲካፈል 91 በመቶ ነው። የሚጠየቀው አብዛኛውን ጊዜ 95 ነው። ወድቋል፤ ይመታ፣ ይለካ። ይኸው ነው። ለ80 ካሬ ቤት በየንጣፉ ሁለት ቦታ ማስለካት ከሴራሚኩ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው፤ ሆኖም አንድም የግል ቤት ባለቤት ሲያስለካ አላየሁም፣ አማካሪዎችም አይጠይቁም።

ሃርድኮሩ ላይ ስንደርስ ደግሞ ሌላ ቁጣ አለኝ። የሥራ ዝርዝሩ 25 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የባዛልት ድንጋይ፣ በደንብ ተጠቅጥቆ፣ ላዩ በጠጠር ተዘግቶ ይላል። ይህች አንድ መስመር ሦስት ሥራ አላት፤ ሰው ግን አንዱን ብቻ ይሠራል፣ ድንጋይ መጣሉን። ትክክለኛው አሠራር ድንጋዩን በእጅ ማቆም ነው፤ ሰፊው ጎን ወደ ታች፣ ቀጭኑ ወደ ላይ፣ አንዱ ሌላውን ተደግፎ። ከዚያ በመካከሉ ያለው ክፍተት በመዶሻ በተሰበረ ቁራጭ ድንጋይ ይጠበቃል፤ ቁራጩ ሲገባ ትልቁ መነቃነቅ ያቆማል። ከዚያ ሮለር ወይም ኮምፓክተር ይሄድበታል። ከዚያ ጠጠር ይበተንና ቀዳዳው ይዘጋል፤ እንደገና ይጠቀጠቃል። ተሠርቶ ሲያልቅ ሰው ሲሄድበት ድንጋይ ከእግር ሥር አይገለበጥም። በየግቢው የማየው ግን በባሬላ ተሸክመው ያራገፉት ጉብታ ነው፤ አንዱ ድንጋይ ሌላው ላይ ተጋድሞ፣ ከሥሩ እጅ የሚያስገባ ባዶ።

ይህ የሚጎዳው ወለሉን ብቻ አይደለም፤ የባለቤቱንም ኪስ ነው። ጠጠሩ ሲቀር ኮንክሪቱ ራሱ ወርዶ ቀዳዳውን ይዘጋል። በዚያ 80 ካሬ ላይ በአማካይ 3 ሴንቲ ብቻ ወደ ድንጋዩ መሃል ቢሰምጥ 2.4 ሜትር ኩብ ኮንክሪት ነው። በአንድ ሜትር ኩብ 360 ኪሎ ሲሚንቶ ከገባ ከስምንት ኩንታል በላይ ሲሚንቶ ድንጋይ መሃል ተቀበረ ማለት ነው። ወይም፣ ይህ የበለጠ የተለመደ ነው፣ ተቋራጩ ያዘዘው 8 ሜትር ኩብ ብቻ ስለሆነ እጥረቱን ከሶሌታው ውፍረት ይቀንሳል፤ 10 ሴንቲ የተባለው በየቦታው 7 እና 6 ሆኖ ይቀራል። በሌላ በኩል የድንጋዩ ጫፍ ከፍ ያለበት ቦታ ላይ ኮንክሪቱ ይሳሳል፤ መጀመሪያ የሚሰነጠቀውም እዚያ ነው። ውሃ ከሥር እየተሳበ እንዳይወጣ የሚያግደውም ይህ የድንጋይ ንጣፍ ነው፤ በድንጋዩ መካከል ጭቃ ከተሞላበት ውሃው መንገድ ያገኛል፣ ግድግዳው ሥርም ቀለሙ ይላጣል።

ለምን እንዲህ ይሆናል ብዬ ስጠይቅ፣ ሰው ሰነፍ ስለሆነ ነው የሚለው መልስ አያረካኝም። ሥሩ ክፍያው ላይ ነው። ሙሌት የሚከፈለው በሜትር ኩብ ነው፤ ሜትር ኩቡ ደግሞ የሚሰላው ከፕላኑ ልኬት ነው። ተጠቀጠቀም አልተጠቀጠቀም ቢሞቹ መካከል ያለው 72 ሜትር ኩብ ያው 72 ነው። ሃርድኮር የሚከፈለው በካሬ ነው፤ 25 ሴንቲም ሆነ 15 ሴንቲ ካሬው ያው 80 ነው። የእጅ ዋጋ ተዋውሎ የሚሠራው ልጅም በካሬ ተዋውሏል፤ በቶሎ ሲጨርስ ወደ ሌላ ግቢ ይሄዳል። በዚህ አከፋፈል ላይ ጥቅጠቃ ለሁሉም ወጪ ብቻ ነው፤ ለማንም ገቢ የለውም። ወጪው ተመልሶ የሚመጣው ቤቱ ውስጥ በሚኖረው ሰው ላይ ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ ውሉ ላይ አልነበረም።

ቧንቧውን አንርሳ። ሙሌቱ በደንብ ተሠርቶ እንኳ በመጨረሻው ሰዓት የቧንቧ ሠራተኛው ይመጣና ለሽንት ቤትና ለማጠቢያ መውረጃ ቦይ ይቆፍራል። ቱቦውን ያስገባና አፈሩን በእግሩ ገፍቶ ይመልሳል። ያ ቦይ ሲወርድ ቱቦውን ይዞ ይወርዳል፤ መገጣጠሚያው ይላቀቃል፤ ፍሳሹ ወደ ሙሌቱ ይገባል፤ የረጠበው አፈር ደግሞ ይብስ ይወርዳል። በአንድ የቡና ቤት ወለል ላይ ይህን አይቻለሁ። ባለቤቷ «ጋሼ፣ በየሳምንቱ ቢታጠብም ሽታው አልጠፋ አለ፤ ከየት ነው የሚመጣው?» አለችኝ። በመዶሻ እጀታ ወለሉን ከጥግ ጀምሬ ስመታው ድምፁ ድፍን ነበር፤ ከሽንት ቤቱ በር አጠገብ ስደርስ እንደ ከበሮ ጮኸ። ሴራሚኩን አንሥተን ኮንክሪቱን ስንቆርጠው ከሥሩ አንድ ስንዝር ባዶ ነበረ፤ ከባዶው በታች ጥቁር ጭቃ፣ የተላቀቀ ቱቦ፣ ያልተጠቀጠቀ ሃርድኮር በየአቅጣጫው ወድቆ። ሽታው ከዚያ ነበር። ደንበኞቿ ሲሸሹባት ወለሉን በሳሙና ስትፈትግ የከረመች ሴት ናት።

እንዲህ ከሆነ በኋላ ማስተካከል ቀላል አይደለም። ሲሚንቶ በቀዳዳ አስገብቶ ባዶውን መሙላት ይቻላል፤ ግን ከሥሩ ያለው አፈር ገና መውረዱን ካልጨረሰ የተሞላው ሲሚንቶ አብሮ ይወርዳል። አስተማማኙ ወለሉን ነቅሎ፣ ሙሌቱን አውጥቶ፣ እንደገና ንጣፍ በንጣፍ መመለስ ነው። ቤት ዘግቶ፣ ተከራይ አስወጥቶ። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነው፤ በመጀመሪያው ቀን አንድ ቢያጆ ከግማሽ የነበረው ነገር በሁለተኛው ዓመት የወራት ኪራይ ይበላል።

ብዙ ሰው ይህ ከደረሰበት በኋላ «አንዴ ተረክቤያለሁ፣ ምን አደርጋለሁ» ብሎ ይቀመጣል። ዋስትናውም አንድ ዓመት ብቻ ይመስለዋል፤ ያ ግን የመያዣው ገንዘብ የሚለቀቅበት ጊዜ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 3039 ላይ ግን የማይንቀሳቀስ ንብረት ሥራ ተቋራጭ ሥራውን ካስረከበበት ቀን ጀምሮ ለ10 ዓመት ለአሠራሩ ትክክለኛነትና ለጥንካሬው ኃላፊ እንደሆነ ያስቀምጣል፤ ጉዳቱ ከአሠራር ጉድለት ወይም ከመሬቱ ጠባይ ቢመጣም። ለዚህ ግን ማስረጃ ያስፈልጋል፤ ከሥር የነበረው ሁሉ ተሸፍኖ ሳለ ማስረጃ ከየት ይመጣል?

ስለዚህ በልደታም ሆነ በሌላ ሰፈር ቤት ለምታሠሩ ሁሉ የምለምነው ይህን ነው። ውሉ ላይ ከመፈረማችሁ በፊት የሙሌት ክፍያ በየንጣፉ ካልጸደቀ አይከፈልም የምትል አንዲት መስመር አስገቡ። ከሁለተኛው ንጣፍ በፊት የመጀመሪያው ይታይ፤ ሜትር ተዘርግቶበት ፎቶ ይነሣ፤ ቀኑም ይጻፍበት። ሃርድኮሩ ላይ ጠጠር ሳይበተን ኮንክሪት አታስሞሉ። ቧንቧው የተቆፈረበት ቦይ ተመልሶ መጠቅጠቁን በዓይናችሁ እዩ። ፎርማኑ «ክረምት ይጠቀጥቀዋል» ካላችሁ ደግሞ ኮምፓክተሩ እስኪመጣ ሥራው ይቁም።